ስልኩ በባለቤቴ መቃብር ላይ የጻፈው

ከግደይ ጋር አብረን ያደረግነው የመጨረሻ ተራ ነገር አንድ ሆቴል በር ላይ ቆመን ማስታወቂያ ማንበብ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። መቐለ፣ ሓወልቲ አካባቢ ጫማውን ከጠጋኝ ተቀብለን በእግር ስንመለስ ሆቴሉ መግቢያው ላይ በመስታወት ክፈፍ አዲስ ጽሑፍ ሰቅሎ አየን። ፊደሉ ወርቃማ ነው። «ውድ እንግዳ፤ እባክህ ስትወጪ ቁልፍሽን ለእንግዳ መቀበያ አስረክቡ» ይላል። ግደይ መነጽሩን ወደ ግንባሩ አውጥቶ አነበበው፤ አውርዶም ደገመው።

«ወይንዬ፣ እዚህ ሆቴል የሚታደረው ሦስት ሆኖ ነው» አለኝ። «አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴት፣ ከዚያ ደግሞ ዘመድ አዝማድ።»

ስልኩን አወጣ። ዘበኛው ከወንበሩ ተነሥቶ፣ «ምንድን ነው የምታነሳው?» ሲል ጠየቀ።

«ማስታወቂያችሁን። አምሮብኛል።»

ዘበኛው ተጠራጥሮ አየው፤ ከዚያ ክፈፉ ትንሽ ማዘንበሉን ሲያይ በመዳፉ ቀጥ አደረገለትና «አሁን አንሳው» አለ። አነሣው። እኔ ጫማው ያለበትን ፌስታል ይዤ ቆሜ ነበር። ሳቃችንን እስከ መታጠፊያው ድረስ ዋጥነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ሞተ። የመንገድ ቀያሽ ነበር። ሥራ ላይ ሳለ መሣሪያው አጠገብ ወደቀ፤ ልቡ ነው አሉን። ለእናንተ ልነግር የተነሣሁት ግን ስለ ሞቱ አይደለም። ከተዝካሩ ዋዜማ ጀምሮ እስከ ተዝካሩ ድረስ በመቃብር ድንጋዩ የተነሣ ስለሆነው ነገር ነው። እሱን ለመናገር መጀመሪያ ስለ ፎቶዎቹ መናገር አለብኝ።

እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። መቐለ የመጣሁት አማርኛ ላስተምር ነው። ግደይን አገባሁና ቀረሁ። ቤታችን ውስጥ አማርኛ እንናገራለን፤ እሱ ሲናደድ ብቻ ወደ ትግርኛ ይሻገራል፤ እኔም ተከትዬው እሻገራለሁ። ልጅ አልሰጠንም። ማታ ማታ ጎን ለጎን ተቀምጠን የምናያቸው እነዚያ ፎቶዎች ነበሩን።

ያን ጊዜ ስልኮች አማርኛን መተርጎም ከጀመሩ ሁለት ሦስት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ትግርኛን ገና አያውቁም ነበር። ስለዚህ የኛ ከተማ ሁኔታ ለብቻው ነበር፤ አንድ የውጭ ሰው ለትግርኛ ተናጋሪ ሠራተኞቹ ማስታወቂያ ለመለጠፍ ሲፈልግ ትግርኛውን ከስልኩ ያጣውና አማርኛውን ይወስዳል። የወሰደውንም ማንበብ አይችልም። የሚያትመውም አያርመውም፤ ደንበኛው ያመጣውን ነው የሚያትመው። ግድግዳው ላይ ሲሰቀል ጽሑፉን ያነበበ አንድም ሰው አልነበረም ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹ አንባቢዎች እኔና ግደይ ነበርን።

አንድ የልብስ ንጽሕና መስጫ በትልቅ ሸራ «ልብስዎን በንጹሕ ንጹሕ ንጹሕ ንጹሕ ንጹሕ እናጥባለን» ብሎ ሰቅሎ ነበር። መተርጎሚያው አንዳንዴ አንድ ቃል ላይ ይሰናከልና መውጫ አጥቶ ይደጋግመዋል፤ ሸራ አታሚውም አንዱንም ሳይቀንስ አትሞታል። አንድ ምግብ ቤት ደግሞ የጾም በያይነቱን ወደ እንግሊዝኛ አስተርጉሞ «ሁሉም ዓይነት መጾም» አድርጎ ከዋጋው ጋር ጽፎት ነበር። ግደይ አስተናጋጁን ጠርቶ፣ «ዛሬ ምንም ሳልበላ ብውል ስንት ነው?» ብሎ ጠይቆት ሊጣሉ ነበር።

ከሁሉም የምንወደው ግን የራሳችን ነበር። ግደይ መልእክት የሚጽፍልኝ በላቲን ፊደል ነው፤ ስልኩ ደግሞ እንግሊዝኛ ብቻ ነው የሚያውቀው። «ደሓን ነኝ»፣ ደኅና ነኝ ማለቱ ነው፣ ሲል «ደሓን»ን በዝርዝሩ ውስጥ አያገኘውም። ሳይጠይቀው፣ በቃላት መካከል ክፍተት የምትሰጠውን ቁልፍ እንደነካ፣ አንዲት ፊደል ይጥልና ቅርብ ነው ወደሚለው ቃል ይለውጠዋል። ያ ቃል «ዲን» ነው፤ የኮሌጅ ኃላፊ የሚባለው። ከመስክ ሲጽፍልኝ ሁልጊዜ «ዲን ነኝ» ይላል። «ደመወዝ ሳይጨምሩ ሹመት» እለዋለሁ። ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥም «ዲን ነሽ?» «ዲን ነኝ» ሆነ። የሞተ ዕለት ጠዋት የላከልኝ መልእክትም ያው ነው። ዲን ነኝ።

ግደይ ለፎቶዎቹ ሕግ ነበረው። በእጅ የተጻፈ የሱቅ ማስታወቂያ ፊደሉ ቢሳሳት አያነሣም። «ያ ሰው ለፍቶ ነው የጻፈው፤ በእሱ መሳቅ ነውር ነው» ይላል። አደጋ የሚያመጣ ስህተት ካየ መጀመሪያ ገብቶ ይነግራል፤ ሳቁ በኋላ ነው። ከላዩ ላይ ቀልድ የተጻፈበት ወይም ቀይ ክብ የተከበበበት ፎቶ አይቀበልም። ሙሉ ክፈፉን፣ ወርቃማ ፊደሉን፣ የተሰቀለበትን ምስማር ጭምር ማየት ይፈልጋል። «ሳቁ ያለው ቃሉ ውስጥ አይደለም፤ ያ ሁሉ ክብር ማንም ላላሰበው ነገር መሰጠቱ ላይ ነው» ይለኛል።

አንዴ የሥራ ባልደረባው አንድ የስልክ ጭውውት ፎቶ ላከለት፤ በስልኩ እርማት ስድብ የሆነ የፍቅር መልእክት ነው። እኔ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። «ይኼ የተፈበረከ ነው» አለ። «እንዴት አወቅህ?» ብለው፣ «ስህተት ብልጥ አይሆንም፤ ብልጥ ከሆነ ከኋላው ሰው አለ» አለኝ። «ስልክ ሲሳሳት የሚያስቀው ቃል ላይ መርጦ አያርፍም። ያገኘው ላይ ነው የሚያርፈው።»

ታላቅ ወንድሙ አያ ተስፋይ ይህን ሁሉ አይወድም። የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ሆኖ ጡረታ የወጣ፣ ኮት ሳይለብስ ከቤት የማይወጣ ሰው ነው። «ትልቅ ሰው በሰው ግድግዳ አይስቅም» ይል ነበር። ስልክ አጠቃቀም ያስተማረው ግን ግደይ ራሱ ነው።

ግደይ ሲሞት የሆነብኝን አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ። ሁሉም ነገር ትክክል ሆነ። የሚመጣልኝ መልእክት ሁሉ ስህተት የለውም፤ ሰዉ አንዱን የሐዘን ቃል እየገለበጠ ነው የሚልከው። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» የሚለውን የመጀመሪያ ፊደል ስጽፍ ስልኬ ራሱ የቀረውን ያቀርብልኝ ጀመር፤ ብዙ ስለደረሰኝ የኔ አነጋገር መስሎታል። ተናደድሁ። በማን እንደተናደድሁ አላውቅም። ለቅሶ ቤት የሚነገረው ሁሉ፣ ደግ ነበር፣ ትዕግሥተኛ ነበር፣ እንደ ፕላስቲክ አበባ ሆነብኝ። እኔ የማውቀው ሰው በየትኛውም ውስጥ የለም።

ለአርባው ድንጋዩ ይቁም ተባለ። አያ ተስፋይ ኃላፊነቱን ወሰደ። ጽሑፉ በሦስት ቋንቋ ይሁን አለ፤ ትግርኛው ለእናታቸው፣ አማርኛው ለእኔና ከደሴ ለሚመጡ ዘመዶቼ፣ እንግሊዝኛው ደግሞ አብረውት ለሠሩት የውጭ መሐንዲሶች።

«እንግሊዝኛውን እኔ ልየው» አልሁት።

«አንቺ ዕረፊ፣ ሓፍተይ፣ እኅቴ። በስልክ ይወጣል።»

«አያ ተስፋይ፣ እሱኮ በዚህ ነገር ሲስቅ ነው የኖረው።»

«በሌሎች ነው የሳቀው። እኔ ተጠንቅቄ ነው የምጽፈው። ማሽን ደግሞ በትክክል ከጻፉለት አይሳሳትም።»

ልከራከር ፈልጌ ነበር። ለቅሶ ቤት ውስጥ ግን ባል የሞተባት ሴት ያለችው ሁሉ በሐዘን ይተረጎማል። «እሺ አትዘኚ፣ እናስብበታለን» ይሏችኋል። አላሰቡበትም።

በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ድንጋይ ቀራጩ ሰይድ ደወለልኝ። ሰይድ ከወሎ የመጣ፣ እብነ በረድ የሚሠራ ሰው ነው። የአገሩ ሰው ስለሆንሁ ደስ ይለዋል።

«እትዬ ወይንሸት፣ አልቋል። ነገ ጠዋት ከመቆሙ በፊት መጥተሽ እዪው።»

አያ ተስፋይ በመኪናው ወሰደኝ። የሰይድ ግቢ በእብነ በረድ ዱቄት ነጭ ሆኗል። ድንጋዩ በሁለት እንጨት ላይ ተንጋሏል። በእርጥብ ጨርቅ ጠረገውና ዘወር አለልን። የተሠራው ሥራ ያምራል። ፊደሎቹ ሹል ናቸው፤ ጥልቀታቸው አንድ ነው፤ በጥቁር ቀለም ተሞልተዋል።

ትግርኛውን አነበብሁ። አማርኛውን አነበብሁ። «አቶ ግደይ በመቐለ ከተማ ተወለዱ። ትዕግሥተኛ፣ ቤተሰባቸውን የሚወዱ ሰው ነበሩ። በሥራ ላይ እያሉ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።» ከዚያ ወደ እንግሊዝኛው ወረድሁ።

አክብሮት የሚባለውን ነገር ስልኩ አያውቀውም። አንቱታው ሁሉ ብዙ ሰው ሆኖ ታይቶታል። እንግሊዝኛው በአማርኛ ሲመለስ እንዲህ ነው፤ እነሱ በመቐለ ከተማ ተወለዱ፤ እነሱ ትዕግሥተኛ ሰዎች ነበሩ፤ እነሱ ሥራ ላይ ሳሉ ይህን ዓለም ለቀው ሄዱ። የሆቴሉ በር ትዝ አለኝ። ሦስት ሆኖ ነው የሚታደረው።

ከሁሉም በታች፣ ለብቻዋ፣ በዚያው ጥልቀትና በዚያው ጥቁር ቀለም አንዲት አጭር መስመር አለች። ደግሜ አነበብኋት። በእንግሊዝኛ «ማስተካከያ ይጠቁሙ» ትላለች።

«ይህቺ ምንድን ናት?» አልሁ።

አያ ተስፋይ መነጽሩን አደረገ። አነበበ። ፊቱ ቀስ ብሎ ተለወጠ።

«ሰይድ!»

«አቤት።»

«ይህን ከየት አመጣኸው?»

ሰይድ መጥቶ ጎንበስ አለ። «ከላኩልኝ ነዋ።»

«እኔ ይህን አልላክሁም። አልጻፍሁም። ሟች ላይ ትቀልዳለህ?»

«ወላሂ፣ እኔ ላቲን ፊደሉን እንጂ ቃሉን አላውቀውም። የላኩትን ፎቶ ነው አስፍቼ ፊደል በፊደል የገለበጥሁት።»

«ድንጋዩን ትሰብረዋለህ። አዲስ ትሠራለህ።»

«ለነገ?» አለ ሰይድ። እጁ ላይ ያለው ጨርቅ ውኃ እያንጠባጠበ ነው። «ይህ ድንጋይኮ ከሌላ አገር የመጣ ነው፣ ጋሽዬ። እኔን ይሰብረኛል።»

ሁለቱም ድምፃቸው እየከፋ ሄደ። እኔ ግን መስመሯ ከየት እንደመጣች መጠርጠር ጀምሬ ነበር። «ፎቶውን አሳየኝ» አልሁት ሰይድን።

ስልኩን አወጣ። የአያ ተስፋይ መልእክት እዚያው አለ፤ የስልኩ ገጽ ፎቶ። ምን እንዳደረገ ወዲያው ገባኝ። በላይኛው ሳጥን አማርኛውን ጽፏል፤ በታችኛው ሳጥን እንግሊዝኛው ወጥቷል። ገጹን እንዳለ ፎቶ አንሥቶታል። ከዚያ አማርኛውን፣ ሰዓቱንና የባትሪውን ምልክት ከላይ ቆርጦ ጥሏል። ከታች ግን አልቆረጠም። ትርጉሙ ሥር መተርጎሚያው ለተጠቃሚው ሁሉ የሚያሳያት አንዲት መስመር አለች፤ ትርጉሙ ካልጣመህ ንካኝና አርመኝ የምትል። የስልኩ ቋንቋ እንግሊዝኛ ስለሆነ እሷም በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈችው፤ ቀለሟ ብቻ ትንሽ ፈዘዝ ይላል። ሰይድ ፈዘዝ ማለቷን ምን ያድርገው? ድንጋይ ላይ ፊደል ሁሉ አንድ ነው።

ፎቶውን ለአያ ተስፋይ ሰጠሁት። «እዚህ አለች» አልሁ። «ሰይድ አልጨመረም። እርስዎም አልጻፉም። የስልኩ ናት።»

ረጅም ጊዜ አየው። ጣቱን ድንጋዩ ላይ በተቀረጸችው መስመር ላይ አሳርፎ አነሣው፤ እንደ ስልኩ ስትነካ የምትጠፋ መስሎት እንደሆነ እንጃ። ያን ጊዜ ነው የሆነው። ከሆዴ የመጣ ሳቅ ነው። ልይዘው ሞከርሁ፤ እጄን አፌ ላይ አደረግሁ፤ በእጄ ጎን ወጣ። በጥቁር ልብሴ፣ በባሌ መቃብር ድንጋይ ፊት፣ ጉልበቴን ይዤ ሳቅሁ። ስህተት ሲሰበስብ የኖረ ሰው። በእብነ በረድ። ማስተካከያ ይጠቁሙ። ማንም አስቦት ቢሆን ኖሮ ነውር ነበር፤ ሕይወቱን የሚያውቅ ሰው ቀልድ ብሎ አስቀርጾት ቢሆን ድንጋዩን እኔ ራሴ እሰብረው ነበር። ማንም ግን አላሰበውም። ስልኩ መሞቱን አያውቅም። ሰይድ ምን እንደሚል አያውቅም። አያ ተስፋይ ከወንድሙ ክብር በቀር በልቡ ሌላ ነገር አልነበረውም። ሦስት ቅን ነገሮች ተገናኝተው ግደይ ዕድሜውን ሙሉ ሲፈልገው የነበረውን ፎቶ ሠሩ።

«ትስሕቂ ኣለኺ?» አለኝ አያ ተስፋይ፣ ቀስ ብሎ። እየሳቅሽ ነው? ዓይኑ ቀልቷል።

ላስረዳው ሞከርሁ። «እሱ ቢኖር…» አልሁና ቀረሁ።

«እሱ የለም» አለ። ኮቱን ጠረገ፤ ወደ መኪናው ሄደ። ሞተሩን አስነሥቶ ወጣ። እኔ እዚያው ቀረሁ።

ሰይድ በርጩማ አቀረበልኝ። «ማስቲክና የድንጋይ ዱቄት ለውሼ መስመሯን መሙላት እችላለሁ» አለ። «ግን ይታያል። እንደ ጠባሳ ይሆናል።» ቀጥሎም፣ «ምንድን ነው የምትለው ለመሆኑ?» አለኝ።

ነገርሁት።

«ስለ ሟቹ የተጻፈ ስህተት ካለ ንገሩን እንደማለት?»

«እንደዚያ።»

«እኛ ዘንድ ቀብር ላይ ይጠየቃልኮ፤ ያስቀየመው ካለ ይናገር ይባላል» አለ። ጥበብ የተናገረ ግን አልመሰለውም፤ ያሳሰበው ሌላ ነው። «ጋሽ ተስፋይ የቀረውን ሒሳብ ይከለክሉኝ ይሆን?»

«አይከለክልህም» አልሁት። እንዴት እንደማውቅ ግን አላውቅም ነበር።

ባጃጅ ይዤ ወደ አማቴ ቤት፣ ወደ አደይ ምሕረት፣ ሄድሁ። ድንጋዩ መቆም አለመቆሙን የሚወስነው ሰው እሳቸው ብቻ እንደሆኑ ገብቶኛል። ልጃቸው ነው። የግደይ ሕግም ያው ነው፤ የሚጎዳው ሰው ካለ መጀመሪያ ይነገረዋል። በመንገድ ላይ ሳቁ ከላዬ ረግፎ ቁጣው ተመለሰ። ጽሑፉን አንድ ጊዜ ልየው ብዬ ነበር። አንድ ጊዜ።

አደይ ምሕረት ምስር እየለቀሙ ነበር። አያ ተስፋይ አልመጣም። ጎናቸው ተቀምጬ በትግርኛ ጀመርሁ። አንባቢዎቼ፣ የሳቅን ነገር ላልሳቀ ሰው ማስረዳት ምን ያህል አድካሚ እንደሆነ ታውቃላችሁ። እሳቸው ደግሞ የስልክ ገጽ ፎቶ ምን እንደሆነ አያውቁም።

«ድንጋዩ ላይ አንድ ያልተፈለገ መስመር አለ።»

«ማን ጻፈው?»

«ስልኩ።»

«ስልክ ይጽፋል?»

«ሰው የጻፈውን ወደ ሌላ ቋንቋ ይመልሳል። ከሥሩ ደግሞ የራሱን አንድ ቃል ለሁሉም ያሳያል።»

«ታዲያ የራሱን ቃል ለምን በልጄ ላይ ይጽፋል?»

«በልጅዎ ላይ አልጻፈም፣ አደይ። ስለ ማን እንደሆነ አያውቅም።»

ምስሩን ወደ ጎን አደረጉ። ከመጀመሪያው ጀመርሁ። ሁለተኛ አበላሸሁት። የሰይድን ስም ሳነሣ ሰይድ የጻፈው መሰላቸው፤ የአያ ተስፋይን ስሜት ልጠብቅ ስል ደግሞ እኔ የጻፍሁት መሰላቸው። ላለቅስ ደረስሁ። በመጨረሻ መስመሯን ብቻ በትግርኛ ነገርኋቸው።

«ተስፋይ አልጻፈውም?»

«አልጻፈውም።»

«ድንጋይ ጠራቢውም?»

«እሱም።»

«አንቺም?»

«እኔም፣ አደይ። ማንም አልጻፈውም።»

«ማንም ካልጻፈው ማንን ነው የምቀየመው፣ ጓለይ፣ ልጄ?» አሉ። ምስሩን መልሰው ሳቡት። «ይቁም። ደግሞ ስልኩ እውነቱን ነው፤ ትዕግሥተኛ ብለው ጽፈውበታል አሉኝ። ከመቼ ጀምሮ?»

በማግሥቱ ከጸሎቱ በኋላ ድንጋዩ ቆመ። አያ ተስፋይ የመጣው እናቱ ነግረውት ነው፤ ወደ እኔ ሳያይ ቆመ። ሰዉ ተሰብስቦ አነበበ። እንግሊዝኛ የሚያነቡት ወደ ታች ሲደርሱ አንድ በአንድ አንገታቸው ቀና ሲል አየሁ። ከዚያ ከግደይ ጋር ይሠራ የነበረ ፍሥሓ የሚባል መሐንዲስ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ማስተካከያ ይጠቁሙ ይላል» አለ።

«ይላል» አልሁ።

«እንግዲህ፣ ትዕግሥተኛ የሚለው ይታረም። አንድ ጊዜ ዶዘር ነጂው የተከለውን ችካል ነቀለበት ብሎ ኮፍያውን አውልቆ ዶዘሩን ደብድቦታል። በኮፍያ። ነጂው እስኪወርድ ድረስ።»

አንድ ሰው ሳቀ። ከኋላ የነበረች የጎረቤታችን ልጅ፣ «ቤተሰቡን የሚወድ የሚለው ላይ የኛ ድመትም ትጨመር» አለች። ከደሴ የመጣው ወንድሜ፣ ግደይ እኔን ሊጠይቅ ሽማግሌ ልኮ በፍርሃት እሱ ራሱ ሳይመጣ እንደቀረ ተናገረ፤ እኔ እስከዚያ ቀን መኪና ተበላሽቶበት እንደሆነ ነበር የማውቀው። አደይ ምሕረት ለእያንዳንዱ «እሱስ እውነት ነው» ወይም «ይህን አላወቅሁም» ይላሉ። ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ እሱ ሲወራ እሱ ራሱ እዚያ ነበረ። ተናዳጁ፣ ፈሪው፣ ሳቂው።

ሰዉ መበተን ሲጀምር አያ ተስፋይ አጠገቤ መጥቶ ቆመ። ድንጋዩን እንጂ እኔን አያይም።

«እኔም አንድ እርማት አለኝ» አለ።

«ይንገሩኝ።»

«የስልክ ገጽ ፎቶ ማንሣት ያስተማረኝ እሱ ነው። ከታች መቁረጥን ሳያስተምረኝ ሄደ።»

ሳቀ ልል አልችልም። አፉ ተንቀጠቀጠ፤ ኮቱን ጠረገ። ከዚያ ለሰይድ የቀረውን ሊከፍለው ሄደ።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ሰዎች «ይህ እንዴት ሕይወትሽን ለወጠው?» ይሉኛል። ሐዘኔ አልቀነሰም። ቁጣዬም አለ፤ ያን ጽሑፍ አንድ ጊዜ ልየው ብዬ ነበር፤ ዛሬም ሳስበው ጥርሴን ያስነክሰኛል። ነገር ግን ግደይ በስህተት ለምን እንደሚስቅ ያን ቀን ነው በሙሉ የገባኝ። ትክክል የሆነው ነገር ሁሉ ሰው ሳይኖርበት ሊጻፍ ይችላል፤ የደረሱኝ የሐዘን መልእክቶች ምስክር ናቸው። ስህተቱ ግን ማንም ያላሰበው ስለሆነ ማንንም አይዋሽም። ቁም ነገር መስሎ ተሰቅሎ ስታየው፣ በመካከሉ ባዶ ቦታ ታያለህ፤ በዚያ ባዶ ቦታ ሰው ይገባና ይስቃል፤ አንዳንዴም እውነቱን ይናገራል።

የድንጋዩን ፎቶ በግደይ ስልክ አነሣሁት። ሙሉውን፣ ከላይም ከታችም ሳልቆርጥ፣ ምንም ሳልጽፍበት። ከሆቴሉ ማስታወቂያ ቀጥሎ ስልኩ ውስጥ አለ። የመጨረሻው ነው።

አሁን እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ መቃብሩ እሄዳለሁ፤ ድንጋዩን በውኃ አጥባለሁ፤ እርማት ያለው ሰው ከመጣ ተቀምጬ እሰማለሁ።